ውሃው በሰዓት፣ መነሳቱ በቆጣሪ፦ ቢሮ ለሚውሉ ሰዎች የአላርም አሞላል መመሪያ

አላርሙ ይሞላል። ሁለት ቀን በደንብ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ሲጮህ እጅ ብቻውን ሄዶ ያጠፋዋል፣ ዓይን ከኮምፒውተሩ ላይ አይነሳም። በሳምንቱ የውሃ ጠርሙሱ እንደሞላ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ወገብና ትከሻም እንደበፊቱ ያምማል። ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። እኔ ግን ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ ያለው አላርሙ የተሞላበት መንገድ ላይ ነው።

ውሃና መነሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሃ ላይ ዋናው ነገር በቀኑ ውስጥ ስንት ጠጣሁ፣ በየትኞቹ ሰዓቶች ተከፋፈለ የሚለው ነው። መነሳት ላይ ግን የቀኑ ሰዓት ምንም አይነግረንም። የሚያስፈልገን ለመጨረሻ ጊዜ ከተነሳሁ ስንት ደቂቃ ሆነኝ የሚለው ነው። ስለዚህ ውሃውን ቋሚ ሰዓት ላይ ሙሉት፣ መነሳቱን ደግሞ ከተቀመጣችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ለሚቆጥር ቆጣሪ ስጡት። ሁለቱን በአንድ አላርም ለማስኬድ ስትሞክሩ ነው ሁለቱም የሚበላሹት።

መመሪያው የተጻፈው አዳማ ውስጥ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ደግሞ ከ7:30 እስከ 11:30 ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነው። የሥራ ሰዓታችሁ ከዚህ ከተለየ ሰዓቶቹን አንቀሳቅሱ፣ ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ እዚህ ያለውን የውሃ መጠን አትከተሉ። መጠኑን ሐኪማችሁ ይወስን። የመነሳቱን ክፍል ግን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

## ደረጃ 1፦ አንድ ቀን ሳትሞሉ ታዘቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው። የማይሳካለትም በዚሁ ምክንያት ነው።

1. አንድ ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡ። ስትቀመጡና ስትነሱ ሰዓቱን ብቻ ጻፉ። ምክንያቱን መጻፍ አያስፈልግም።
2. የጠጣችሁትንም ጻፉ፣ ውሃም ሆነ ሻይ ወይም ቡና።
3. ሽንት ቤት መቼ እንደሚመች ጻፉ። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው? ከሰዓት ውሃ ይቋረጣል? ወረፋ አለው?

ሦስተኛውን በደንብ ያዙት። ቢሮ ውስጥ ውሃ የማይጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ረስቶ አይደለም። ሽንት ቤቱ ስለማይመቸው ሆን ብሎ ይተወዋል። ይህን ሳትፈቱ አላርም ብትሞሉ በየቀኑ የምታጠፉት ድምፅ ነው የሚሆነው።

ማታ ወረቀቱን ተመልከቱ። ረጅሙ አንድ ቦታ የተቀመጣችሁበት ጊዜ ስንት ነው? አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ የብዙ ሰው ወረቀት እንደዚያ ነው። ቆጣሪው የሚሠራው ያንን ቁጥር ለማሳጠር ነው።

## ደረጃ 2፦ ጠርሙሱን አዘጋጁ

ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ያዙ። ሃይላንድም ይሆናል፣ በየቀኑ በሳሙና እስካጠባችሁትና ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ እስካልተዋችሁት ድረስ። መሀሉ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ 250 ሚሊ ሊትር፣ ከመስመሩ በታችም 250 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከዚህ በኋላ ስለ ሚሊ ሊትር ማሰብ የለባችሁም። አላርም ሲጮህ ወይ እስከ መስመሩ ትጠጣላችሁ፣ ወይ ትጨርሱታላችሁ።

ክዳን ያለው ይሁን። ብርጭቆ ኪቦርድ አጠገብ አታስቀምጡ። ጠርሙሱን በማትጽፉበት እጅ በኩል፣ ከስክሪኑ ጎን በሚታይ ቦታ አቁሙት። መሳቢያ ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ ያለ ጠርሙስ ለማውጣት ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል፣ ሥራ በበዛበት ሰዓት ያ ትንሽ ሥራ አይሠራም።

### ስንት ይጠጣ?

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ ከምግብ የሚገኘውንም ፈሳሽ ጨምሮ ነው። የታሰበውም ለመካከለኛ አየር ንብረት ነው። ሾርባው፣ ወጡ፣ ፍራፍሬው፣ ሻይና ቡናው ሁሉ ይቆጠራል። በልክ የተጠጣ ቡና ውሃ ያደርቃል የሚባለው ትክክል አይደለም። ስኒው ትንሽ ስለሆነ ግን ብዙ ፈሳሽ አያስገባም።

አዳማ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ነፋሱም ሆነ የቢሮው ቬንቲሌተር ላቡን ቶሎ ያደርቀዋል። ቆዳችሁ ደረቅ ስለሆነ ያላባችሁ ይመስላችኋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ጥማት እስኪመጣ ሳትጠብቁ በሰዓቱ መጠጣት የሚሻለው ለዚህ ነው።

የቢሮው ድርሻ ይህን ይመስላል፦ ጠዋት ሦስት ጊዜ፣ ከሰዓት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ጠርሙስ። የጠዋቱ አንድ ጠርሙስ ተኩል ይሆናል። የተረፈችውን ግማሽ ከምሳ ጋር ጨርሷት። ከሰዓት ደግሞ አንድ ጠርሙስ። በድምሩ ቢሮና ምሳ ላይ አንድ ሊትር ተኩል ገባ ማለት ነው። ጠዋት ስትነሱ አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ ሲጨመርበት ወደ 2 ሊትር ይጠጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ያመለጣችሁን ውሃ አታካክሱ። ሦስት አላርም አልፎባችሁ ከሆነ አራተኛው ላይ አንድ ሊትር በአንዴ አትገልብጡ። ብዙ ውሃ በአጭር ጊዜ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥናል፣ ከመጠን ካለፈ አደገኛ ነው። ያለፈው አለፈ፣ ግማሽ ጠርሙሳችሁን ጠጥታችሁ ቀጥሉ።

## ደረጃ 3፦ የውሃውን አላርም ሙሉ

ሰዓቶቹን ስትመርጡ ሽንት ቤቱን አስቡ። ከጠጣችሁ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መውጣት ያምራችኋል። ስለዚህ የ10:00ው የመጨረሻ ነው፣ ከዚያ በኋላ አትጨምሩ። 11:00 ላይ የጠጣ ሰው ባጃጅ ወይም ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ ይጨነቃል፣ በማግስቱም አላርሙን ያጠፋል።

የኛ ሰዓትና ስልኩ ላይ የሚሞላው እነሆ፦

| የኛ ሰዓት | ስልኩ ላይ | ምን ይጠጣል |
|---|---|---|
| ጠዋት 3:00 | 9:00 AM | እስከ መስመሩ |
| ጠዋት 4:30 | 10:30 AM | ጨርሱት፣ ሙሉት |
| ቀን 6:00 | 12:00 PM | እስከ መስመሩ |
| ከሰዓት 8:30 | 2:30 PM | አዲስ ሞልታችሁ እስከ መስመሩ |
| ከሰዓት 10:00 | 4:00 PM | ጨርሱት |

የቀን 6:00 ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። ስልኩ ላይ 12:00 PM ነው። በስህተት 12:00 AM ከሞላችሁት እኩለ ሌሊት ላይ ቤተሰቡን ትቀሰቅሳላችሁ። ስልካችሁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነ ከሰዓት ያሉት 14:30 እና 16:00 ሆነው ነው የሚታዩት።

አሁን ሙሉ፦

1. ከስልኩ ጋር የመጣውን `Clock` ክፈቱ። ሌላ የውሃ ማስታወሻ መተግበሪያ አታውርዱ። ምክንያቱን ችግሮቹ ጋ ታገኙታላችሁ።
2. `Alarm` ውስጥ ገብታችሁ አምስቱን ሰዓቶች አንድ በአንድ ጨምሩ።
3. እያንዳንዱ የሚደጋገምበትን ቀን ምረጡ፣ የሥራ ቀኖቻችሁን ብቻ። ዓርብ ጠዋት 5:30 ላይ ለምሳ የሚወጣ መሥሪያ ቤት ከሆነ የ6:00ውን ከዓርብ አውጡና ለዓርብ ብቻ 11:15 AM፣ ማለትም 5:15 ላይ ሙሉ።
4. `Label` የሚለው ቦታ ላይ ድርጊቱን ጻፉ፦ «እስከ መስመሩ»፣ «ጨርስና ሙላ»። «ውሃ!» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ስሙ የሚሠራውን ነገር ሲነግራችሁ ለማሰብ አትቆሙም።
5. ከስልክ ጥሪያችሁና ከጠዋቱ መቀስቀሻ የተለየ፣ አጭርና ለስላሳ ድምፅ ምረጡ። ሰው በበዛበት ቢሮ ከሆነ ንዝረት ብቻ ይበቃል፣ ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ይሁን።
6. `Snooze` የሚባለውን፣ ስልካችሁ ከፈቀደ፣ ለእነዚህ አላርሞች አጥፉት። ለአንድ ጉንጭ ውሃ ቀጠሮ አያስፈልግም።

አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ አላርሙን የምታጠፉት ጠርሙሱን በእጃችሁ ከያዛችሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጠርሙስ፣ ቀጥሎ ስልክ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውሃው ይረሳል።

## ደረጃ 4፦ ለመነሳት ቆጣሪ አስነሱ

እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ሱቁ ላይ «በየ40 ደቂቃው የሚጮህ» መተግበሪያ ያገኝና ያወርዳል። ያ መተግበሪያ ራሱን በራሱ እያስነሳ ይቀጥላል፤ እናንተ ተነስታችሁም ተቀምጣችሁም ለእሱ አንድ ነው። ስሙ ቆጣሪ ቢሆንም ሥራው የቋሚ ሰዓት ነው። እውነተኛው ቆጣሪ እንደገና ከዜሮ የሚጀምረው እናንተ ስትቀመጡ ብቻ ነው።

ሁለት አማራጭ አላችሁ።

በስልክ፣ በእጅ፦ `Clock` ውስጥ `Timer` ግቡና 40 ደቂቃ ሙሉ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ አስነሱት። ሲጮህ ተነሱ። ተመልሳችሁ ስትቀመጡ እንደገና አስነሱት። በመሀል በሌላ ምክንያት ተነስታችሁ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆያችሁ፣ ስትመለሱ ካለበት አታስቀጥሉ፤ ከ40 አስጀምሩት።

በኮምፒውተር፦ `Workrave` በዊንዶውስና በሊኑክስ፣ `Stretchly` በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ በነፃ ይሠራሉ። ኪቦርድና ማውሱ ለተወሰነ ጊዜ ሲቆም ተነስታችኋል ብለው ይወስዱና ቆጠራውን ያስተካክላሉ። ስትጭኗቸው ግን ይዘውት የሚመጡት አሠራር በጣም ተደጋጋሚ ስለሆነ ያሰለቻል። አጫጭሮቹን እረፍቶች አጥፉና ረጅሙን ብቻ 40 ደቂቃ ላይ አድርጉት።

የቱን ትምረጡ? ሥራችሁ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮድ የምትጽፉ ወይም መረጃ የምታስገቡ ከሆነ፣ የኮምፒውተሩ ይሻላል፤ የሚረሳ ነገር የለውም። ደረሰኝ የምትቆጥሩ፣ ፋይል የምታገላብጡ፣ ስልክ የምታወሩ ከሆነ ግን የስልኩን ተጠቀሙ። ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ስታገላብጡ ፕሮግራሙ ማውሱ ስለቆመ ብቻ «ተነስተዋል» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትነሱ ዝም ሊላችሁ ይችላል።

### ለምን 40?

ስለ ደቂቃው ብዙ ክርክር አለ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት የተለያዩ ልኮችን አወዳድሮ ነበር። የደም ስኳርን በግልጽ ዝቅ ያደረገው በየ30 ደቂቃው 5 ደቂቃ መራመድ ሆኖ ተገኘ። የምትችሉ ያንን አድርጉ። ግን በየ30 ደቂቃው 5 ደቂቃ ማለት ከስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ መራመድ ነው፣ ብዙ አለቃ አይፈቅደውም። በ40 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ደቂቃ መነሳት ግን ማንም ሳያስተውላችሁ የሚሠራ ነው። ሁለት ሳምንት ከያዘላችሁ ወደ 30 አውርዱት። ከ20 አትጀምሩ። በሁለተኛው ቀን ትተዉታላችሁ።

## ደረጃ 5፦ ሁለቱ ደቂቃዎች

ቆጣሪው ሲጮህ የጀመራችሁትን መስመር ጨርሱ እንጂ «ይህን ገጽ ልጨርስ» አትበሉ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ቀስ ብላችሁ ቁሙ። በሙቀት ቀን ድንገት ብድግ ማለት ያዞራል። ካዞራችሁ ጠረጴዛውን ይዛችሁ ጠብቁ፣ ካልተዋችሁ ተቀመጡ።
2. አንገት። ፊታችሁን ወደፊት አድርጋችሁ አገጫችሁን ወደኋላ ሳቡ፣ ሁለተኛ አገጭ የምታወጡ ያህል። ሦስት ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ። አምስት ጊዜ። አንገትን እንደ ክብ ማሽከርከሩን ተዉት።
3. ትከሻ። ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ከኋላ አቀራርባችሁ አምስት ሰከንድ ያዙ። አምስት ጊዜ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ እንዳይወጣ።
4. የጭን መጋጠሚያ። አንድ እግር ወደኋላ ውሰዱ፣ የፊቱን ጉልበት ትንሽ እጠፉ፣ የኋላውን መቀመጫ ጠበቅ አድርጉ። ከኋላው እግር ጭን በላይ፣ ከፊት በኩል መሳብ ይሰማችኋል። 20 ሰከንድ፣ ከዚያ ሌላኛው እግር።
5. ባት። ጠረጴዛውን ይዛችሁ በጣቶቻችሁ ቁሙና ውረዱ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ሲቀመጡ እግር ላይ የሚጠራቀመውን ደም ወደ ላይ የሚመልሰው ይኸው የባት ጡንቻ ነው።

አራተኛውን አትዝለሉት። ሰው ትከሻውን አዙሮ ይቀመጣል፣ ከወንበር የሚያጥረው ግን የጭኑ ፊት ነው። ቀሚስ ወይም ጠባብ ሱሪ ካስቸገራችሁ እርምጃውን አሳጥሩ።

ስትስቡ አትንጡ። መሳብ ይሰማ፣ ሕመም ግን አይሰማ። እጅ ወይም እግር ላይ የሚወርድ መደንዘዝ ወይም መንዘር ከተሰማችሁ አቁሙ፣ ከተደጋገመም ታከሙ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመማችሁ ደግሞ መሳቡን ተዉና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

## አንድ ጠዋት በተግባር

ሰኔ ነው እንበል። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ጠዋቷን እንዲህ ታሳልፋለች።

2:35 ትቀመጣለች፣ ቆጣሪውን በ40 ታስነሳለች። 3:00 ላይ የውሃው አላርም ይነዝራል፣ ቁጭ እንዳለች እስከ መስመሩ ትጠጣለች። ቆጣሪውን አትነካውም። 3:15 ላይ ይጮሃል። የያዘችውን ደረሰኝ አስገብታ 3:17 ትነሳለች። 3:20 ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ያስነሳችው ቆጣሪ 4:00 ላይ ሊጮህ ነው።

3:45 ላይ «ለቆጠራ መጋዘን ነይ» ትባላለች። ቆጣሪውን ታቆመዋለች። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆማ ካርቶን ትቆጥራለች። 4:10 ተመልሳ ስትቀመጥ ከ40 ታስጀምረዋለች። 4:30 ላይ ጠርሙሱን ጨርሳ ትሞላለች። 4:50 ቆጣሪው ይጮሃል። ከዚያ 5:33፣ ከዚያ 6:16። በመሀል 6:00 ላይ ውሃ። ጠዋቱን ሙሉ ሳትነሳ የተቀመጠችበት ረጅሙ ጊዜ 42 ደቂቃ ነው።

አሁን መነሳቱን በቋሚ ሰዓት ሞልታው ቢሆንስ? በየ40 ደቂቃው 3:15፣ 3:55፣ 4:35፣ 5:15፣ 5:55 ይሆናል። የ3:55ቱ እሷ መጋዘን ቆማ ሳለች ባዶ ጠረጴዛ ላይ ይጮሃል። የ4:35ቱ ከተቀመጠች ገና በ25 ደቂቃዋ ይመጣል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆማ የመጣች ሰው «አሁን ነው የተቀመጥኩት» ብላ ታጠፋዋለች፣ ትክክልም ናት። ቀጣዩ 5:15 ነው። ያን ጊዜ 65 ደቂቃ ተቀምጣለች። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እጇ አላርም ማጥፋት መልመዱ ነው። ትርጉም የሌለው ጩኸት ሲደጋገም ትርጉም ያለውንም አንሰማውም።

ውሃውን በቆጣሪ ብታደርገውስ? በ90 ደቂቃ አንዴ ብላ 2:35 ላይ ታስነሳለች። 4:05 ላይ ሲጮህ መጋዘን ናት። 4:25 ላይ አይታው ትጠጣለች፣ ታስነሳለች። 5:55 ይጮሃል፣ ሰው እያናገረች ስለሆነ 6:10 ትጠጣለች። በዚህ አካሄድ ከሰዓት 7:50፣ 9:30 እና 11:00 ላይ ሊደርስ ይችላል። አምስት ጊዜ ጠጥታለች፣ ቁጥሩ አልጎደለም። ግን የመጀመሪያው ከገባች ሁለት ሰዓት ሊሞላው ሲል ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት። ቆጣሪ በዘገየን ቁጥር እየተንሸራተተ ይሄዳል። ለመነሳት ያ መንሸራተት የምንፈልገው ነው፣ ለውሃ ግን ጉዳት ነው።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

አላርሙ አልጮኸም ወይም ዘግይቶ ጮኸ። ያወረዳችሁት መተግበሪያ ከሆነ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አስተኝቶት ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ይዘጋሉ። ከስልኩ ጋር የመጣው `Clock` ግን እንዳይታገድ ተደርጎ ስለተሠራ በሰዓቱ ይጮሃል። ሌላ መተግበሪያ መጠቀም የግድ ከሆነባችሁ `Settings` ውስጥ `Apps`፣ ከዚያ መተግበሪያውን፣ ከዚያ `Battery` ግቡና `Unrestricted` የሚለውን ምረጡ። `Clock` ራሱ ዝም ካለ ደግሞ የአላርሙን ድምፅ መጠን እዩ፣ ከጥሪው ድምፅ የተለየ ነው። 12:00 PM እና AM እንዳልተቀያየረም አረጋግጡ።

መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ `Workrave`ም `Stretchly`ም አብረው ይጠፋሉ። መብራት በተደጋጋሚ የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ የስልኩን ቆጣሪ ዋና አድርጉት። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ያለውን ጊዜ ቆማችሁ አሳልፉት፣ ስትቀመጡ ቆጣሪውን ከ40 አስጀምሩ።

ቆጣሪውን ማስነሳት እረሳለሁ። የእጅ ቆጣሪ ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው። ስልኩን ወንበራችሁ ላይ፣ መቀመጫው ላይ ትታችሁ ተነሱ። ለመቀመጥ ስልኩን ማንሳት አለባችሁ፣ ስታነሱት ታስነሱታላችሁ። ስልክ ወንበር ላይ መተው የማያስተማምን ቢሮ ከሆነ የጠርሙሱን ክዳን ኪቦርዱ ላይ አድርጋችሁ ተነሱ። ክዳኑን ሳታነሱ መጻፍ ስለማትችሉ ያስታውሳችኋል።

ደንበኛ ፊት ስለምቀመጥ መነሳት አልችልም። ባንክ መስኮት ወይም እንግዳ መቀበያ ላይ ያላችሁ ሲነዝር ደንበኛውን ጨርሱና ቀጣዩ ከመቅረቡ በፊት ቁሙ። ቆማችሁ የምታስተናግዱት አንድ ደንበኛም እንደ መነሳት ይቆጠራል። እሱም ካልተቻለ አንገቱንና ትከሻውን ተቀምጣችሁ ሥሩ፣ ባቱንም ተረከዝ በማንሳት። ቆጣሪውን ግን በ10 ደቂቃ ሙሉት እንጂ በ40 አይደለም፣ ገና አልተነሳችሁምና።

ሽንት አበዛብኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ቀለሙን እዩ። እንደ ውሃ የጠራ ከሆነ በዝቷል፣ በእያንዳንዱ አላርም የምትጠጡትን በሲሶ ቀንሱ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ አንሷል። ቫይታሚን ቢ የምትወስዱ ከሆነ ቀለሙ ደማቅ ስለሚሆን በእሱ አትለኩ። ብዙ እየጠጣችሁም ጥማቱና ሽንቱ ካልቆመ ስኳራችሁን አስለኩ።

ጾም ገባ። የቋሚ ሰዓት ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው። በረመዳን አምስቱንም የውሃ አላርሞች አጥፉና ሁለት ሦስት አላርም ከመግሪብ እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ሙሉ። በዐቢይ ጾም እስከ 9:00 የምትጾሙ ከሆነ የጠዋቶቹንና የ8:30ውን አጥፉ፣ የ10:00ውን ተዉ፣ ቤት ስትገቡና ከመተኛታችሁ ሁለት ሰዓት በፊት ሌላ ጨምሩ። አታጥፉት የምለው ቆጣሪውን ነው። ውሃ ባልጠጣችሁበት ቀን ወንበሩ አይቀርላችሁም። መነሳቱን በረጋ መንገድ አድርጉት፣ ባቱን ከአሥራ አምስት ወደ ስምንት አውርዱ፣ ካዞራችሁ ተቀመጡ።

ድምፁን መስማት አቆምኩ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይመጣል። አላርም አትጨምሩ። የውሃውን ድምፅ ቀይሩ፣ የቆጣሪውን ደግሞ ለአንድ ሳምንት ከ40 ወደ 35 አድርጉት። ጠዋት ሁልጊዜ የምታጠፉት አንድ የተወሰነ አላርም ካለ ሰዓቱ ከሥራችሁ ጋር ይጋጫል ማለት ነው። የ3:00ው ሁልጊዜ ከጠዋቱ ስብሰባ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ወደ 3:20 ውሰዱት።

ክረምት ገባ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ያው መጠን ሊበዛባችሁ ይችላል። የ4:30ውን ወይም የ8:30ውን በሻይ ተኩት፣ የሽንቱንም ቀለም ተከታተሉ። ቆጣሪው በ40ው ይቀጥል።